የሰብለ ወንጌል ድርሰት የማን ነው?

መምህር ፋንታሁን «እኔ በሰው ቀንቼ አላውቅም» ሲል የሰማው ሁሉ ያምነው ነበር። ጎጃም ተሻግሮ ጎንጅ ቅኔ የተማረ፣ ጎንደር ከተማ በመምህራን ማሠልጠኛው አማርኛ ሲያስተምር ፀጉሩ የሸበተ ሰው በማን ይቀናል? ሚስቱ እናኑ ብቻ አታምነውም ነበር። እሷ የባሏን ሆድ ታውቃለች።

ዳኛው የሚባለው የማክሰኝት ልጅ ከውጭ አገር ተምሮ የመጣው በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት መስከረም ላይ ነው። ቆዳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በግቢው ሲያልፍ ተማሪዎቹ እንደ ንብ ይከቡታል። የሚያስተምረው «የአካባቢ ጥናት» የሚባል ነገር ነው። ልጆቹን ከክፍል እያስወጣ ወደ ገበያና ወደ መንደር ይሰዳቸዋል፤ «ያያችሁትን ጻፉ፤ ባጭሩ ጻፉ» ይላቸዋል። ፋንታሁን ይህን ሲሰማ «ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል» ብሎ ዝም አለ። ዝም ማለቱን ግን ለሰው ሁሉ ተናገረ።

ይህን ሁሉ ይችለው ነበር፤ ሰብለ ወንጌል ባትኖር። ሰብለ ወንጌል የእንፍራንዝ ቄስ ልጅ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ከፋንታሁን ክፍል ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የሚለውን ሁሉ አንድም ሳታስቀር ስትቀዳ ኖራለች። ድርሰቷን ለሌሎች ተማሪዎች ጮክ ብሎ ያነብ ነበር፤ ሲያነብ ደግሞ ድምፁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ልጅ አልወለደም። ሰው ሲጠይቀው «ተማሪ አለኝ» ይላል፤ ተማሪ ሲል እሷን ማለቱ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ታዲያ የመጨረሻ ጽሑፏን ከዳኛው ዘንድ ልትሠራ ሄደች። ያን ዓመት ማሠልጠኛው አዲስ አበባ ወዳለው ዩኒቨርሲቲ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሚመረጠውም በዚያ የመጨረሻ ጽሑፍ ነው።

ጽሑፉ ከጎንደር ወጣ ብሎ ወለቃ ስላሉት ሸክላ ሠሪዎች ነበር፤ እናት ለልጇ ሙያውን እንዴት እንደምታስተምር። ዲሬክተሩ አቶ ኃይለ ማርያም በመምህራኑ ክፍል ቆሞ አነበበው።

«እናት አትናገርም። ልጅቱ ታያለች። ሲሰበር እናት ትስቃለች። ልጅቱ ጭቃውን አንስታ እንደገና ትጀምራለች።»

ፋንታሁን ድንቅ ጽሑፍ መሆኑን ከመጀመሪያው መስመር ነው ያወቀው፤ የቆጨውም ይኸው ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለው። ኃይለ ማርያም ወረቀቱን አጠፈና «ዳኛው ሸጋ ተማሪ አፍርቷል» አለ። ዳኛው አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ። «ሁለት ዓመት ያስተማራት እሱ ነው» ብሎ ወደ ፋንታሁን ቢጠቁም ምን ነበረበት? አልጠቆመም።

ፋንታሁን ያን ቀን ቤቱ ገብቶ እህል አልቀመሰም።

«ያ ጽሑፍ የሷ አይደለም» አላት ሚስቱን። «የሷን አጻጻፍ እኔ አውቀዋለሁ። ራሱ ዳኛው ነው የጻፈላት።»

እናኑ ጥጥ እየባዘተች ነበር። «ምነው፣ የምትቀናው በልጅቱ ነው በሰውየው?»

«እኔ በሰው ቀንቼ አላውቅም።»

«እሺ» አለች እናኑና ጥጧን ቀጠለች።

ከሁለት ክረምት በፊት ፋንታሁን ለመምህራን በተሰጠ የክረምት ትምህርት አዲስ አበባ ሄዶ ነበር። እዚያ አንድ የውጭ አገር መምህር፣ ደራሲያቸው የሚያከራክር የጥንት መልእክቶች የማን እንደሆኑ ቃል እየቆጠሩ የሚመረምሩ ሊቃውንት እንዳሉ አስረዳቸው። የሚቆጠረው ትልልቁ ቃል አይደለም፤ ስለ ንጉሥ የጻፈ ሁሉ «ንጉሥ» ይላልና። የሚቆጠረው ማንም ልብ የማይለው ትንንሹ ነው፤ «ግን»፣ «ደግሞ»፣ «እንጂ»፣ «ስለዚህ» የመሰለው። ሰው እነዚህን ሳያስብ ነው የሚጥላቸው፤ ስለዚህ ልማዱን ያሳብቁበታል። ዓረፍተ ነገሩም ስንት ቃል እንደሚይዝ ይታያል። ከየሺው ቃል ስንቱ «ግን» እንደሆነ ወጥቶ፣ አንዱ ጽሑፍ ከሌላው ጋር ይተያያል። መምህሩ ትምህርቱን ሲጨርስ ጣቱን አንሥቶ አንድ ነገር አስጠንቅቆ ነበር፤ ይህ ነገር ጥያቄ ያነሣል እንጂ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም አለ። ፋንታሁን ይህንንም ሰምቷል። ጆሮ ግን ሆድ የወደደውን ነው የሚያስቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ተቀመጠ። በአንድ ወገን ሰብለ ወንጌል ሁለት ዓመት የጻፈችለትን ድርሰቶች፣ በመካከል የወለቃውን ጽሑፍ፣ በሌላው ወገን ዳኛው በማሠልጠኛው መጽሔት ያወጣቸውን ጽሑፎች ደረደረ። ዳኛው የጻፈውን ከዚያ በፊት አንብቦት አያውቅም፤ ንቆት ነበር። አሁን ግን መስመር በመስመር፣ ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ቅዳሜም እሑድም፣ የሚቀጥለውም ሳምንት እንዲሁ። ሰው የሚወደውን እንኳ እንዲህ አያነብም።

«ምነው ልጅቱን እንደ ምስር ትለቅማታለህ?» አለች እናኑ በጀርባው ስታልፍ።

ቁጥሩ ወጣ። የሰብለ ወንጌል የቀድሞ ድርሰት ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፤ ሠላሳ ቃል ሳይሞላ የማያርፍ፣ «እንጂ» እና «ይልቁንም» የሞላበት። የወለቃው ግን አሥር ቃል አይደርስም፤ «ይልቁንም» የሚባል የለበትም፤ «ግን» እዚህም እዚያም ብቅ ይላል። የዳኛውም እንደዚያው። ፋንታሁን እስኪርቢቶውን ሲያስቀምጥ ትከሻው ቀለለው። ጠላቱን እጅ ከፍንጅ የያዘ መሰለው። ልጅቱም አብራ እንደምትያዝ፣ ከማሠልጠኛው እንደምትባረር፣ የእንፍራንዙ ቄስም አንገታቸውን ደፍተው እንደሚወስዷት ያኔም ገብቶታል። ገብቶት ሳለ ወረቀቱን ይዞ ወደ ዲሬክተሩ ሄደ።

ኃይለ ማርያምና ፋንታሁን አብረው ያደጉ ናቸው፤ ለብቻቸው ሲሆኑ አንተ ይባባላሉ። ኃይለ ማርያም ቁጥሩን ረጋ ብሎ ተመለከተና ዳኛውን አስጠራው። ዳኛው ክሱን ሲሰማ ፊቱ ገረጣ፤ ከዚያ ቀላ።

«እኔ አንድ ቃል አልጻፍኩላትም» አለ። «ሁለት ቦታ ላይ ይህ አልገባኝም ብያታለሁ። በቃ።»

«ቁጥሩ ሌላ ይላል» አለ ፋንታሁን።

«ቁጥሩ ምን ይላል? ከኔ ጋር ይመሳሰላል ነው የሚል። ከኔ ጋር የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ? ቆጥረዋል፣ አያ ፋንታሁን?»

ፋንታሁን አልቆጠረም ነበር። የቆጠረው የሚጠረጥረውን ሰው ብቻ ነው። በገበያ መካከል ነጭ ጋቢ የለበሰ ሌባ እየፈለገ፣ ያገኘውን አንድ ጋቢ ለባሽ የያዘ ሰው ነገር።

ኃይለ ማርያም ፈገግታውን ዋጠ። «እንግዲያው ቁጠሩ» አለ። «ሁለታችሁም፤ አብራችሁ። የሌሎቹንም ተማሪዎች ጽሑፍ ውሰዱ።»

እንዲህ ሆነና ሁለቱ ሰዎች ባንድ ጠረጴዛ ተቀመጡ፤ አንዱ ሲያነብ አንዱ ይመዘግባል፤ ሰላምታ ግን የላቸውም። ዳኛው «ግን» ባጋጠመው ቁጥር ጠረጴዛውን በጣቱ ይመታል፤ ፋንታሁን በዚያ ጣት ብቻ ሊገድለው ይመኛል። ደግሞ መጥፎ ሠራተኛ አለመሆኑ አናደደው። ፈጣን ነው፤ አይሳሳትም፤ ለራሱ የማይመች ቁጥር ሲያገኝም አይደብቅም።

የወጣው ነገር ፋንታሁንን ወንበሩ ላይ አስቀረው። ወደ መንደር ወርዶ የጻፈ ተማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ዓረፍተ ነገሩ አጥሯል። ስለ ማክሰኝት የከብት ገበያ የጻፈውማ ከሰብለ ወንጌል ጽሑፍ የበለጠ ለዳኛው ይቀርባል፤ እሱ ደግሞ ጽሑፉን ሲያዘጋጅ ዳኛው ታሞ አልጋ ላይ ነበር፤ ማን ይጻፍለት? የአንዳንዱ ተማሪ ጽሑፍ አጭር ስለነበር ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይዋዥቃል፤ ሁለት ገጽ ላይ «ይልቁንም» አንዴ ቢጨመር ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። ዳኛው ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎት፣ ፋንታሁን ለመጽሔቱ የጻፈውን መንፈሳዊ ጽሑፍና ለትምህርት ሚኒስቴር ጠመኔ እንዲላክ የጻፈውን ማመልከቻ ጎን ለጎን አስቀምጦ ቆጠረ።

«በዚህ ቁጥር ከሄድን» አለ ዳኛው፣ «ጠመኔ የለመነው ሰውና ይህን የጻፈው ሰው አይተዋወቁም።»

ፋንታሁን ጥርሱን ነከሰ። ዳኛው ግን ገና አልጨረሰም። የሰብለ ወንጌልን የመጀመሪያ ዓመት ድርሰቶች ከፋንታሁን መንፈሳዊ ጽሑፍ አጠገብ አደረጋቸው። የዓረፍተ ነገሩ ርዝመት፣ «እንጂ»ው፣ «ይልቁንም»ው፣ ሁሉም አንድ ላይ ገጠመ። የወለቃው ጽሑፍ ለዳኛው ከቀረበው ይልቅ ይህ ለፋንታሁን ቀረበ።

«አያ ፋንታሁን» አለ ዳኛው፤ አሁን ድምፁ ውስጥ ፌዝ አልነበረም። «እርስዎ ነዎት የጻፉላት?»

ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቅምና ያሉት ለዚህ ነው። ወይ ቁጥሩ ይዋሻል፣ ወይ ፋንታሁን ለተማሪው ድርሰት ሲጽፍ ኖሯል። ፋንታሁን ግን ያን ሰዓት ከማፈሩ በፊት ሌላ ነገር ተሰማው። ደስ አለው። ልጅቱ እስከ አጥንቷ የሱ ኖራለች፤ ይኸው ቁጥሩም መሰከረለት። ከዚያ ትዝ ያለው፣ አንድ ጊዜ የሱ የነበረች መሆኗና ዛሬ አለመሆኗ ነው፤ ደስታውም መረረው።

ኃይለ ማርያም ወረቀቱን ሁሉ ካየ በኋላ ዘወር ብሎ ፋንታሁንን ተመለከተው። «ያቺን የጎንጅ ነገር ምን ነበር የምትላት?» አለው።

ፋንታሁን ታሪኳን በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪ ይተርካታል። ልጅ ሆኖ በአንድ የክብረ በዓል ቀን ቅኔ ሲቀኝ፣ እንግዳ የነበሩ አንድ ሽማግሌ መርጌታ «ይህ የመምህሩ ቅኔ ነው፤ ልጁ ሰርቆ ነው» አሉ። ቅኔ አዋቂ ሰምቶ ብቻ ይህ የጎንጅ ነው፣ ያ የዋሸራ ነው ብሎ የቅኔ ቤቱን ይለያል፤ አይስትም። መምህሩ ታዲያ ተነሥተው «ቤቱ የኔ ነው፤ ልጁ ግን የራሱ ነው። ካላመናችሁ የሚቀኝበት አዲስ ምስጢር ስጡት» አሉ። ሰጡት። እዚያው ቆሞ ተቀኘ።

«ቤቱ ይታወቃል እንጂ ሰውየው በዚያ ብቻ አይታወቅም» አለ ፋንታሁን ቀስ ብሎ። ሰው ሆኖ የገዛ ታሪኩን እንደ ቅጣት መናገር ከባድ ነው።

«ልጅቱን ጥሯት» አለ ኃይለ ማርያም።

ሰብለ ወንጌል ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ለምን እንደተጠራች ዲሬክተሩ ሳይሸፍን ነገራት። ዓይኗ ወደ ፋንታሁን ሄደ፤ እዚያው ቆየ። ፋንታሁን መስኮቱን ተመለከተ።

ኃይለ ማርያም ስለ ጽሑፉ ጠየቃት። ጭቃው ከየት ይመጣል፣ አሸዋው ለምን ይገባበታል፣ እሳቱ ሲበቃ በምን ይታወቃል። ሳታመነታ መለሰች። ጽሑፉ ውስጥ የሌለውንም ጠየቃት።

«ልጅቱ ስንት ሰብራ እንደለመደች አልጻፍሽም። ምነው?»

«ጠይቄ ነበር» አለች። «እናቲቱ ሰው በስባሪው አይቆጠርም አለችኝ። ተውኩት።»

ኃይለ ማርያም ወደ ፋንታሁን ዞር ብሎ ጠይቅ በሚል ዓይን አየው። ፋንታሁን ጉሮሮውን ጠረገ።

«ለኔ ስትጽፊ እንዲህ አልነበረም አጻጻፍሽ።»

«አልነበረም፣ የኔታ። ለእርስዎ ስጽፍ ድምፅዎ ጆሮዬ ውስጥ ነበር። እርስዎ ሲናገሩ እንደሚያርፉበት ነበር የማርፈው።»

«አሁንስ?» አለ ፋንታሁን። መጠየቅ አልፈለገም ነበር፤ አፉ ቀደመው። «አሁን የመምህር ዳኛው ድምፅ ነው?»

ዳኛው ቀና አለ። እሱም መልሱን ይጠብቅ እንደነበር ያስታውቃል።

«አይደለም» አለች። «የሴቶቹ ነው። ወለቃ ሄጄ አብሬያቸው ስውል እጃቸው ሥራ ላይ ነው፤ ረጅም ወሬ አይመቻቸውም። እነሱ እንዳወሩት ነው የጻፍኩት።»

የዳኛው ፊት ጠቆረ። ብዙ አልጠቆረም፤ ፋንታሁን ግን አየው። ለካ ሰውየውም የኔ ናት ብሎ ኖሯል። ፋንታሁን ስንት ሳምንት ሲያቃጥለው የኖረው ነገር እዚያ ፊት ላይ ተቀምጦ ሲያየው፣ ደስ ሊለው ሲገባ፣ አዘነለት።

ኃይለ ማርያም ወረቀት ሰጥቶ «አባትሽ ዳዊት እንዴት እንዳስተማሩሽ ጻፊ» አላትና በሚቀጥለው ክፍል አስቀመጣት። ቆይታ ስትመለስ ወረቀቱ ለፋንታሁን ተሰጠው። ዓረፍተ ነገሩ እንደሱ ረጅም አይደለም፤ እንደ ዳኛውም አጭር አይደለም። እያነበበ ሳለ የለመደ ጣቱ «ግን» ላይ አርፎ ሊቆጥር ጀመረ። ጣቱን አጠፈው። ቄሱ ልጃቸው ስትሳሳት ቁጣ ሲመጣባቸው ወደ ውጭ ወጥተው በቅሏቸውን እንደሚያናግሩ የጻፈችበት ቦታ ሲደርስ፣ ሳቀ። ሌላ ሰው ይህን ሊያውቅላት አይችልም።

«የሷ ነው» አለ። «ሁሉም የሷ ነው።»

«እንግዲያው ለሚኒስቴሩ የሚሄደውን ደብዳቤ አንተ ጻፍ» አለው ኃይለ ማርያም። «የከሰስካት አንተ ነህ። ንጹሕ መሆኗንም፣ ለዩኒቨርሲቲ መመረጧንም አንተው ጻፍ።»

ፋንታሁን ቤቱ ሄዶ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ከልቡ ነው የጻፈው፤ ስንት ዓመት እንዲህ በቀላሉ ጽፎ አያውቅም። እናኑን ጠርቶ አነበበላት።

«ሸጋ ነው» አለች። «ምነው፣ እንዲህ ባጭሩ መናገር ትችል ኖሯል?»

ነገሩን ልብ አላለውም። ጸሐፊዋ ደብዳቤውን በታይፕ መትታ ከዲሬክተሩ ጠረጴዛ አኖረችው። በማግሥቱ ኃይለ ማርያም አስጠራው። ደብዳቤው በእጁ ነበር፤ ፊቱ ግን አላማረም።

«ምን አልኩህ እኔ? አንተ ጻፍ አላልኩህም?»

«ጽፌያለሁ።»

ኃይለ ማርያም ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አነበበ። «"ልጅቱን ጠረጠርናት። መረመርናት። ጽሑፉ የሷ ነው። ጥርጣሬው ግን የኛ ነበር።"» ቀና አለ። «ፋንታሁን፣ እኔና አንተ ከልጅነት ጀምሮ እንተዋወቃለን። አንተ በሕይወትህ በሁለት ቃል ዓረፍተ ነገር ዘግተህ ታውቃለህ? ይህ የዳኛው እጅ ነው። ከብዶህ ለሱ ሰጠኸው።»

ፋንታሁን ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። እውነትም የዳኛው ነው። አጭሩም፣ «ግን»ውም፣ ዐረፍ የሚልበትም ቦታ። ስንት ሳምንት መስመር በመስመር ያነበበው ሰው ገብቶ ከውስጡ ተቀምጧል።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለ።

«ምን ማስረጃ አለህ?» አለ ኃይለ ማርያም።